ባክቴሪያዋ በ20 ደቂቃ ትከፈላለች፣ ክሮሞዞሟን ለመቅዳት ግን 40 ደቂቃ ይፈጅባታል

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ስላይድ ነው። የምሠራው በጤና ተቋም ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከሁለት ወር በፊት አንድ የሽንት ናሙና በግራም ቀለም ቀብቼ በማይክሮስኮፕ ስመለከት፣ እንደ ወትሮው አጫጭር ቀይ ዘንጎች አገኘሁ። በመካከላቸው ግን እንደ ክር የረዘሙ ነገሮች ተጋድመዋል። አንዳንዶቹ አጠገባቸው ካለው ነጭ የደም ሴል ይረዝማሉ። ርዝመታቸው ላይ አንድም የመከፈያ ምልክት አይታይም። መጀመሪያ ፈንገስ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አልኳቸው፣ አብረውኝ የሚሠሩትን አንጋፋ ባለሙያ።

ጎንበስ ብለው አዩና «ፈንገስ ቢሆን ሐምራዊውን ቀለም ይዞ ይቀር ነበር። ይሄ ቀይ ነው። መድኃኒት ጀምራ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አሉኝ።

ጠየቅኩ። ታካሚዋ ከሁለት ቀን በፊት ሴፋሌክሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ጀምራ ኖሯል። ካልቸሩ ላይ የበቀለው ደግሞ ኢ. ኮላይ ሆነ። «ባክቴሪያዋ ማደጓን አላቆመችም፣ መከፈል ነው ያቃታት» አሉ ጋሼ። ማደግና መከፈል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚያ በፊት አስቤበት አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ይህንኑ ሳጠና ከረምኩ። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት፤ ሒሳቡ አልገጥም ያለኝ ጊዜ

ትምህርት ቤት የተማርነው አጭር ነው። ክሮሞዞሙ ይባዛል፣ ሴሉ ይረዝማል፣ መሃል ላይ ለሁለት ይከፈላል። እኔ ደግሞ ነገር በቁጥር ካላየሁት አይገባኝም፣ ስለዚህ ማስላት ጀመርኩ።

የኢ. ኮላይ ክሮሞዞም አንድ ክብ ነው። 4.6 ሚሊዮን ያህል ጥንድ የዲኤንኤ ፊደላት አሉት። ቅጂው የሚጀምረው ከአንድ መነሻ ቦታ ነው። ከዚያ ሁለት ቀጂ ማሽኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ፣ ክቡን ዞረውም ከመነሻው ትይዩ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ማሽን በሰከንድ 1,000 ያህል ፊደላት ይቀዳል። ድርሻው 2.3 ሚሊዮን ስለሆነ 2,300 ሰከንድ ይፈልጋል። ይህ ወደ 40 ደቂቃ ይጠጋል። ቅጂው ካለቀ በኋላ ደግሞ ሴሉ ተከፍሎ እስኪለያይ 20 ደቂቃ ያህል ያልፋል። በድምሩ 60 ደቂቃ መሆኑ ነው።

ታዲያ ኢ. ኮላይ በ37 ዲግሪ፣ ምግብ በሞላበት ሾርባ ውስጥ በየ20 ደቂቃው ትከፈላለች። ሦስት ማታ ሙሉ ስህተቱ የኔ መስሎኝ ቁጥሩን ደጋግሜ አሰላሁ።

መልሱን ኩፐርና ሄልምስቴተር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 አስቀምጠውታል። ባክቴሪያዋ የቅጂውን ፍጥነት አትጨምርም። የምታደርገው አንደኛው ቅጂ ሳያልቅ ሌላውን መጀመር ነው።

በየ60 ደቂቃው የምትከፈል ባክቴሪያ ብትሆን ነገሩ ቀላል ነው። ስትወለድ ቅጂ ትጀምራለች፣ በ40ኛው ደቂቃ ትጨርሳለች፣ በ60ኛው ትከፈላለች። በየ20 ደቂቃው የምትከፈለውን ግን ከልደቷ ጀምሮ እንከተላት። ስትወለድ ቅጂያቸው ገና አሁን ያለቀ ሁለት ክሮሞዞሞች ይዛ ነው። ሁለቱም ላይ ደግሞ ሌላ ቅጂ ግማሽ መንገድ ደርሷል፤ እናቷ ከ20 ደቂቃ በፊት የጀመረችው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ሁለት መነሻ ቦታ አለው፣ በድምሩ አራት። በዚያችው ቅጽበት አራቱም ላይ አዲስ ቅጂ ይጀመራል፤ መነሻዎቹ ስምንት ይሆናሉ። በ20ኛው ደቂቃ የእናቷ ቅጂ ይጠናቀቅና ክሮሞዞሞቹ አራት ይደርሳሉ። ለሁለት ስትከፈል ለእያንዳንዷ ልጅ ሁለት ይደርሳታል፤ እነሱም እንደገና በግማሽ የተቀዱ። ልጆቹ እናታቸው የተወለደችበትን ሁኔታ በትክክል ይዘው ይወለዳሉ ማለት ነው።

ስትወለድ የጀመረችው ቅጂ ደግሞ የሚያልቀው በ40ኛው ደቂቃ፣ በልጇ ሆድ ውስጥ ነው። ያ ቅጂ ለሁለት ሴል የሚከፋፈለው የልጅ ልጇ ስትከፈል፣ በ60ኛው ደቂቃ ነው። ይህን ስረዳ ደብተሬን ዘግቼ ትንሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ይህን በላብራቶሪ ማረጋገጥም ይቻላል። በፍጥነት ከሚራባ ካልቸር ዲኤንኤ አውጥቶ የመነሻ ቦታውንና የማለቂያ ቦታውን ብዛት በፒሲአር ማወዳደር ነው። በ20 ደቂቃ በሚከፈሉት በአማካይ ለአንድ ማለቂያ አራት መነሻ ይገኛል። በ60 ደቂቃ በሚከፈሉት ግን 1.6 ገደማ ብቻ። አደራ፣ እነዚህ ቁጥሮች ለጥሩ ሾርባና ለ37 ዲግሪ ናቸው። ምግብ ሲያንስ ኑሮዋ ሌላ ነው።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይገርመኛል። አራት መነሻዎች አንድ ላይ ሲጀምሩ አንዱ ሁለቴ እንዳይጀምር ማን ይቆጣጠራል? አዲስ የተቀዳው የዲኤንኤ ገመድ ለጥቂት ጊዜ ሜቲል የሚባለው ኬሚካላዊ ምልክት ሳይደረግበት ይቆያል። ሴክ-ኤ የሚባል ፕሮቲን ያንን በግማሽ ምልክት የተደረገበትን መነሻ ለይቶ ይሸፍነዋል። እስኪነሳ ድረስ እዚያ ቦታ ላይ ቅጂ መጀመር አይቻልም። ይህ ፕሮቲን የሌላቸው ባክቴሪያዎች ሲመረመሩ የመነሻዎቹ ብዛት ሁለት፣ አራት፣ ስምንት መሆኑ ይቀርና ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት ይገኛል። ጥበቃው እንደጠፋ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ሳምንት፤ በክር መሞከር

የክቡ ቅርጽ በሥዕል ብቻ አልገባኝ አለ። ሰማያዊና ነጭ ክር አንድ ላይ ገመድኩና 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሠራሁ። ሰማያዊውን ከሰማያዊ፣ ነጩን ከነጭ ጋር አሰርኩ። አንድ ሳንቲ ሜትር አንድ ደቂቃ እንዲሆንልኝ ነው፤ በቀኝ 40፣ በግራ 40።

ከዚያ ከአንድ ቦታ ጀምሬ ሁለቱን ቀለማት በጣቴ ማለያየት ያዝኩ። አምስት ሳንቲ ሜትር ሳልሄድ ከፊቴ ያለው ክር ተወጣጥሮ ተጠማዘዘ። እንደምንም ገፍቼ ብጨርስም ሁለቱ ክቦች እንደ ሰንሰለት ቀለበት ተቆላልፈው ቀሩ። ሳይቆረጡ በምንም መንገድ አይላቀቁም። በመቀስ አንዱን ቆረጥኩ፣ ሌላውን በክፍተቱ አሳለፍኩ፣ መልሼም ቋጠርኩት።

ባክቴሪያዋም የምታደርገው ይህንኑ ነው። የዲኤንኤ ሁለት ገመዶች በየ10.5 ጥንድ ፊደላት አንድ ጊዜ ይጠመዘዛሉ። ማሽኑ በሰከንድ 1,000 ፊደል የሚሄድ ከሆነ ወደ 95 ዙር በሰከንድ መፍታት አለበት። ከፊት የሚጠራቀመውን ጥምዝ የሚያቃልለው ጋይሬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። መጨረሻ ላይ የተቆላለፉትን ክቦች የሚያላቅቀው ደግሞ ዘመዱ ቶፖአይሶሜሬዝ 4 ነው። ሁለቱም ዲኤንኤውን ቆርጠው፣ ሌላውን ገመድ አሳልፈው፣ መልሰው ይገጥማሉ። በየቀኑ በዲስክ የምንፈትሸው ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ የሚያጠቃው እነዚህን ሁለቱን ነው። ቆርጠው መልሰው ሳይገጥሙ እንዲቀሩ ያደርጋቸዋል።

ሦስተኛው ሳምንት፤ መሃሉ እንዴት ይታወቃል?

ሴሏ ሁለት ማይክሮ ሜትር ገደማ ናት። መለኪያ የላትም፣ ግን መሃሏን በትክክል ታገኛለች። የሚከፍላት ቀለበት የሚሠራው ኤፍቲኤስዜድ ከሚባል ፕሮቲን ነው። ጥያቄው ቀለበቱ ለምን ጫፍ ላይ አይሠራም የሚለው ነው።

ሥራው የሦስት ፕሮቲኖች ነው። ሚን-ዲ በአንደኛው ጫፍ ሽፋኑ ላይ ይለጠፋል። ሚን-ሲን ይጠራል። ሚን-ሲ ደግሞ ባለበት ቦታ ሁሉ ቀለበት እንዳይሠራ ይከለክላል። ሚን-ኢ ከኋላ መጥቶ ሚን-ዲን ከሽፋኑ ያስለቅቀዋል። የተለቀቀው ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ እንደገና ይለጠፋል፣ ሚን-ኢ እዚያም ያሳድደዋል። አንድ ምልልስ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ራስኪንና ደ ቡር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ሚን-ዲን በሚያበራ ፕሮቲን ምልክት አድርገው ሲያዩት፣ ብርሃኑ ከጫፍ ጫፍ ሲመላለስ ታየ።

ከልካዩ ጫፎቹ ላይ ብዙ ይቆያል፣ መሃሉን ግን አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ በአማካይ ከልካይ የሚያንስበት ቦታ መሃሉ ነው፤ ቀለበቱም እዚያ ይሠራል። በዚያ ላይ ኤስኤልኤምኤ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ክሮሞዞሙ ላይ ተቀምጦ፣ ዲኤንኤ ባለበት ቦታ ቀለበት እንዳይሠራ ይጠብቃል። ክሮሞዞሞቹ ወደ ግራና ቀኝ ሲሸሹ መሃሉ ነጻ ይሆናል።

ሚን ከሌለ ምን ይሆናል? ቀለበቱ ጫፍ ላይም ይሠራል። ከጫፍ ተቆርጣ የምትወጣው ጥቃቅን ድቡልቡል ሴል ፕሮቲን አላት፣ ሽፋን አላት፣ ክሮሞዞም ግን የላትም። ስለዚህ ልትራባ አትችልም። አድለር የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ እነዚህን እ.ኤ.አ. በ1967 ገልጸዋቸዋል።

ወደ ስላይዱ ስመለስ

አሁን ያን ክር ሳስበው ምን እንደተፈጠረ ይገባኛል። ቀለበቱ ቦታውን ካገኘ በኋላ ግድግዳውን ወደ ውስጥ የሚገነባ ኢንዛይም ያስፈልገዋል። ሴፋሌክሲን የሚይዘው በዋናነት ይህን ኢንዛይም ነው። በጎን ያለው የግድግዳ እድገት ግን ይቀጥላል። ቅጂውም ይቀጥላል። ሴሏ ትረዝማለች፣ ክሮሞዞሞቿ ይበዛሉ፣ ግን አትለያይም።

ሲፕሮፍሎክሳሲንም ክር ያወጣል፣ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ዲኤንኤው ሲሰበር ባክቴሪያዋ የአደጋ ጊዜ ፕሮቲኖችን ታመርታለች። ከእነሱ አንዱ ሱል-ኤ ኤፍቲኤስዜድን ይዞ ቀለበቱን ያስቀራል። የተሰበረ ክሮሞዞም ይዛ እንዳትከፈል ነው።

ሁለቱን ክሮች በግራም ቀለም መለየት አይቻልም፤ ቅርጹን እንጂ ውስጡን አያሳይም። ዲኤንኤን በሚያበራ ቀለምና በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ግን ይለያሉ። በሴፋሌክሲን ክር ውስጥ ዲኤንኤው በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ሆኖ ይታያል። በሲፕሮፍሎክሳሲን ክር ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ ተከማችቶ ይቀራል፣ ጫፎቹ ባዶ ናቸው።

እኛ ጋ ፍሎረሰንስ የለም። ስለዚህ ለጊዜው የጀመርኩት ነገር ትንሽ ነው። ሽንት ላይ የረዘመ ቀይ ዘንግ ሳይ በደብተሬ እጽፈዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ዋርድ ደውዬ ታካሚው ምን መድኃኒት እንደጀመረና ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ እጠይቃለሁ። እስካሁን አራት መዝግቤያለሁ። ሦስቱ ናሙና ከመስጠታቸው በፊት አንቲባዮቲክ ጀምረው ነበር። አራተኛው ምንም አልወሰድኩም ብሏል፤ የእሱን ስላይድ ለይቼ አስቀምጬዋለሁ።