የ12 ደቂቃ ትምህርት በ3.5 ሜጋባይት፦ ለተማሪዎቼ ቅጂ የማዘጋጅበትና የማሰራጭበት መንገድ

የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ደብረ ማርቆስ ነው። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ዓርብ ከሰዓት ወይም ቅዳሜ ማለዳ ስንቅ ሊያመጡ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ወደ ጮቄ ተራራ በተጠጉ ቀበሌዎች ኔትወርክ ኮረብታ ላይ ሲወጡ ይመጣል፣ ቆላ ሲወርዱ ይጠፋል። የማዘጋጀው ቅጂ በሙሉ የሚለካው በእነዚህ ልጆች ስልክ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ቀዳሁ። በተለመደው ከፍተኛ ጥራት አንድ ስልክ በሰከንድ 17 ሜጋቢት አካባቢ ይቀዳል። 12 ደቂቃ 720 ሰከንድ ነውና 1.5 ጊጋባይት ይሆናል። በደካማ መስመር፣ ማለትም በሰከንድ 100 ኪሎቢት በሚያወርድ ስልክ፣ ይህን ለማውረድ 34 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ፋይሉን በኋላ በፕሮግራም ብጨምቀው መጠኑ ወረደ፤ ጽሑፉ ግን አብሮ ደበዘዘ፣ የጠመኔው ፊደል ከሰሌዳው ጋር ተቀላቀለ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቪዲዮ የሚጨመቀው ከአንዱ ፍሬም ወደ ቀጣዩ የተለወጠውን ብቻ በመመዝገብ ነው። ካሜራ በደብዛዛ ብርሃን ሲቀዳ ምስሉ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ያለማቋረጥ ይርመሰመሳሉ፤ እጄ ይንቀሳቀሳል፣ ጥላዬ ሰሌዳው ላይ ይሄዳል። ለዓይን ምንም ያልተለወጠ በሚመስልበት ሰዓት እንኳ ለመጭመቂያው ሁሉም ነገር ተለውጧል፤ ያለችውን ጥቂት ቢት ለነጠብጣቡ ያወጣና ፊደሉን ያደበዝዛል። ስለዚህ ፋይሉ የሚያንሰው ሲቀዳ እንጂ ሲጨመቅ አይደለም። የማይንቀሳቀስ ፎቶ ላይ ድምፅ ብቻ ከሄደ፣ ምስሉ ከሞላ ጎደል ምንም ቦታ አይወስድም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ለአንድ ትምህርት ስምንት ወይም ዘጠኝ ነጭ ወረቀት በአግድም ይዤ በጥቁር ማርከር እጽፋለሁ። አንድ ወረቀት ላይ ከሰባት መስመር አልበልጥም፤ ፎቶው በኋላ ወደ 640 በ480 ስለሚወርድ ከዚያ በላይ ከጻፍኩ ትንሽ ስክሪን ላይ አይነበብም። እርሳስና ሰማያዊ እስክሪብቶም አይሠሩም፣ ይደበዝዛሉ። ወረቀቱን ቀን ላይ መስኮት አጠገብ አስቀምጬ፣ ስልኩን አራት በሦስት በሚለው የፎቶ ቅርጽ አድርጌ ከላይ አነሳለሁ። ስልክ ወደ መሬት ሲያይ የትኛው ጎን ላይ እንደሆነ ስለሚምታታበት፣ አንዳንዱ ፎቶ ተጋድሞ ወይም ተገልብጦ ይመጣል። ይህን ኮምፒውተር ላይ ሳላይ አልቀጥልም፤ አንዷ የተጋደመች ፎቶ ትምህርቱን ታበላሻለች።

ድምፁን ለብቻው እቀዳለሁ። አፌን ከስልኩ አንድ ስንዝር ያህል አርቄ፣ ወረቀቶቹን በተራ እየገለጥኩ እናገራለሁ፤ ወረቀት ስቀይር ሰዓቱን እመዘግባለሁ። በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ እየወረደ አልቀዳም። ዝናቡ እኔን ስለሚያስቸግር ብቻ አይደለም፤ ድምፅ በትንሽ ቢት ሲጨመቅ ጫጫታውና ንግግሩ ስለሚቀላቀሉ «ሳይን»ና «ኮሳይን» መለየት ያቅታል።

ንግግሩም መለወጥ ነበረበት። ክፍል ውስጥ «ይቺን ወደዚህ እናመጣታለን» ብል ጣቴ ያሳያል፤ ቅጂው ላይ ጣት የለም። ለምሳሌ በ20 ሜትር በሰከንድ፣ በ30 ዲግሪ ወደ ላይ የተመታች ኳስ ብንወስድ፣ እንዲህ እላለሁ፦ «ወደ ላይ ያለው ፍጥነት 20 ሲባዛ በሳይን 30፣ 10 ሜትር በሰከንድ ነው። የመሬት ስበትን 10 ብለን ብንይዝ ጫፍ ላይ ለመድረስ 1 ሰከንድ ይፈጅባታል፣ ለመውረድም 1 ሰከንድ፤ ባጠቃላይ 2 ሰከንድ አየር ላይ ትቆያለች። ወደ ጎን ያለው ፍጥነት 20 ሲባዛ በኮሳይን 30፣ 17.3 ነው፤ በ2 ሰከንድ 34.6 ሜትር ትሄዳለች።» ወረቀቱን የማያይ ልጅም ደብተሩ ላይ እየጻፈ ሊከተል ይችላል። ለምን ይህ እንዳስፈለገ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ፎቶና ድምፁን የማያይዘው ffmpeg በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ የትኛው ፎቶ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ list.txt በሚል ፋይል ላይ እጽፋለሁ። ሦስት ፎቶ ቢሆን እንዲህ ይመስላል፦

```
file '01.jpg'
duration 62
file '02.jpg'
duration 95
file '03.jpg'
duration 85
file '03.jpg'
```

የመጨረሻው ፎቶ ሁለት ጊዜ መጻፉ ስህተት አይደለም። ካልተደገመ ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ቆይታ ሳይቆጥር ሊያልፈው ይችላል። ለመጨረሻው ፎቶ ከንግግሩ አምስት ሰከንድ ያህል አስበልጣለሁ፤ ትእዛዙ አጭሩ ሲያልቅ ስለሚያቆም፣ ፎቶው ቀድሞ ካለቀ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገሬ ይቆረጣል። ቀጥሎ ይህን አስገባለሁ፦

```
ffmpeg -f concat -i list.txt -i voice.wav \
 -vf "scale=640:480,fps=5,format=yuv420p" \
 -c:v libx264 -tune stillimage -crf 28 -g 150 \
 -af "highpass=f=100,loudnorm" -ar 24000 \
 -c:a aac -ac 1 -b:a 32k \
 -movflags +faststart -shortest P11-03.mp4
```

እዚህ ውስጥ ሦስት ነገር ልብ በሉልኝ። `-g 150` ሙሉ ምስል በስንት ፍሬም አንዴ ይመዝገብ የሚለውን ይወስናል። በሰከንድ 5 ፍሬም ስለሆነ 150 ማለት በየ30 ሰከንዱ ነው። የእኔ ወረቀት አንድ ሙሉ ምስሉ 20 ኪሎባይት አካባቢ ይመጣል፤ በየ10 ሰከንዱ ቢመዘገብ 12 ደቂቃው ውስጥ 72 ጊዜ፣ 1.4 ሜጋባይት ይሆናል፤ በየ30 ሰከንዱ ሲሆን ግማሽ ሜጋ ገደማ ነው። ጉዳቱ ተማሪው ወደፊት ወይም ወደኋላ ሲያሳልፍ በትክክል የፈለገው ሰከንድ ላይ አለማረፉ ነው። ሁለተኛው `+faststart` ነው። የፋይሉን ማውጫ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ያመጣዋል፤ ያለሱ ፋይሉ እየወረደ ሳለ መክፈት ያስቸግራል። ሦስተኛው `-ar 24000` ነው። ድምፁን የሚያስተካክለው loudnorm የድምፁን የናሙና መጠን ሳያስፈልግ ወደ ላይ ይሰቅለዋል፣ በ32 ኪሎቢት ላይ ያ ድምፁን ያበላሻል። ይህን ረስቼ የለቀቅኩት ቅጂ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ድምፅ ይመስል ነበር።

ድምፁ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ነው፣ ለ12 ደቂቃ 2.9 ሜጋባይት። ምስሉ ሲጨመርበት 3.5 ሜጋ አካባቢ ይሆናል። በዚያው በሰከንድ 100 ኪሎቢት መስመር አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይወርዳል።

የማሰራጨው በቴሌግራም ነው። ግሩፕ አልከፍትም፣ ቻናል ነው፤ ግሩፕ ላይ አባላት እርስ በርስ አካውንታቸውን ያያሉ፣ ቻናል ላይ ግን የአባላቱን ዝርዝር የሚያየው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። የሴት ተማሪዎቼ አካውንት ማንም እንዲያገኘው አልፈልግም። ቅጂውን ስለጥፍ ከጋለሪ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ነው የምልከው፤ እንደ ቪዲዮ ከላኩት ስልኩ እንደገና ሊጨምቀው ይችላል። ከሥሩ ርዕሱን፣ ደቂቃውንና ሜጋባይቱን እጽፋለሁ፣ ልጁ ፓኬጁን አይቶ ይወስን።

ለእያንዳንዱ ሴክሽን የየራሱ መጋበዣ ሊንክ አለው፣ ስሙም የሴክሽኑ ነው፤ አንዱ ሾልኮ ቢወጣ ከየት እንደወጣ ይታወቃል። ሊንኩን ስከፍት Request Admin Approval የሚለውን አበራለሁ። የሚመጣው ስም ብዙ ጊዜ የወንድም ወይም የአባት ስልክ ላይ ያለ ስም ስለሆነ ማን እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ወረቀት አዞራለሁ፤ ተማሪው ስሙንና የሚጠቀምበት ስልክ ላይ ያለውን የቴሌግራም ስም ይጽፋል። ከወረቀቱ ጋር የሚመሳሰለውን ብቻ አስገባለሁ። ሊንክ ቢሰረዝም በዚያ ሊንክ ቀድሞ የገባ ሰው አይወጣም፤ እሱን ከአባላት ዝርዝር ለይቶ ማስወጣት ያስፈልጋል።

ትልቁ ስህተቴ መጀመሪያ ሁሉንም መቆለፌ ነበር። Restrict Saving Content የሚለውን አብርቼ ቅጂ እንዳይተላለፍና ጋለሪ ውስጥ እንዳይቀመጥ አደረግሁ። ኔት ያለው ልጅ በሌላ ስልክ ስክሪኑን እየቀዳ አሰራጨው፤ የኔ 3.5 ሜጋ በሰው እጅ 60 ሜጋ ሆኖ ዞረ። ኔት የሌለው ልጅ ደግሞ ከጓደኛው በብሉቱዝ ወይም በዜንደር መውሰድ ተከለከለ። ያወረዱትም አጡት፤ የተቆለፈ ፋይል የሚቀመጠው ቴሌግራም ውስጥ ብቻ ነው፣ Keep Media አጭር ጊዜ ላይ ከሆነ ፋይሉ ራሱ ይጠፋና እንደገና በዳታ ይወርዳል።

አሁን ቻናሉ ሁለት ነው። ትምህርቱ ያለበት ተማሪዎቼን አጣርቼ የማስገባበት ቢሆንም ፋይሉ አልተቆለፈም፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሂድ። ሌላ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ቢማርበት የምከስረው ነገር የለም። የተቆለፈው ሁለተኛው ነው፤ የወርክሺት መልስና ፈተና የተመለሰበት ማብራሪያ እዚያ ብቻ ይወጣል፣ ያውም ሁሉም ሴክሽን ከተፈተነ በኋላ። ቁልፉ ማዘግየት እንጂ መከላከል እንደማይችል አውቄ ነው የምጠቀምበት። የተማሪ ድምፅ ወይም ፊት ያለበት ቅጂ ግን ሁለቱም ላይ አይወጣም፤ ልጁ ክፍል ውስጥ የተሳሳተውን ነገር ሰው ሁሉ በየስልኩ እንዲሰማው አላደርግም።

ስማርት ስልክ ለሌላቸው ዓርብ ዕለት በሚሞሪ ካርድ እሰጣለሁ። ባለ ቁልፍ ስልክ ቪዲዮውን አይከፍትም፣ ኤምፒ3 ግን ያጫውታል፦

```
ffmpeg -i voice.wav -af "highpass=f=100,loudnorm" \
 -ar 22050 -ac 1 -b:a 32k P11-03.mp3
```

ያን ቁጥር ሁሉ በቃል የምናገረው ለእነዚህ ልጆች ነው። የፋይሉን ስም በአማርኛ አልጽፍም፣ ብዙው ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ፊደሉ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ቁጥሩንም 3 ሳይሆን 03 እላለሁ፤ አለዚያ 10ኛው ትምህርት ከ2ኛው ይቀድማል።

ከመልቀቄ በፊት አንድ አሮጌ ስልክ ኔትወርኩን 2ጂ ላይ ብቻ አድርጌ፣ ቅጂውን ከቻናሉ አውርጄ፣ ስክሪኑን ክንዴ እስከሚደርስበት አርቄ ሰባተኛውን መስመር አነባለሁ። ካልተነበበ ወረቀቱን ለሁለት ከፍዬ እንደገና እጽፈዋለሁ።