የጓሳ ገጽ ላይ የቆመ ዋልያ፦ ለማያውቀኝ ድርጅት የጻፍኩት የመጀመሪያ ኢሜይል

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አስጎብኚ ድርጅቶች ድረ ገጻቸው ላይ የሚያወጡትን የቦታ መግለጫ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ ፎቶም አነሳለሁ፤ የምሠራውም ስለማውቀው አካባቢ ስለ ሰሜን ሸዋ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ደንበኞቼ አዲስ አበባ ናቸው። መሃላችን ገብቶ የሚያስተዋውቀን ሰው ስለሌለ ሥራ የማገኘው ለማያውቀኝ ሰው ኢሜይል ጽፌ ነው። ከነዚያ ኢሜይሎች አንዱ እንዴት እንደተጻፈ ልንገራችሁ፤ ሌሎቹንም የምጽፋቸው በዚሁ መንገድ ነው።

ድርጅቱን የመረጥኩት መንዝ ጓሳን በጉዞ ዝርዝሩ ውስጥ ስላየሁ ነው። አንድም ቃል ሳልጽፍ በፊት ገጹን ገንዘቡን ከፍሎ ሊመጣ እንዳሰበ ቱሪስት ሆኜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ጽሑፉ ስለ «ውብ ተራሮች» እና ስለ «ንጹሕ አየር» ያወራል፤ ባሌም ብትለጥፈው ላስታም ብትለጥፈው ይሄዳል። ወረድ ብሎ ያለው ሁለተኛው ፎቶ ላይ ግን ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ዋልያ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። ዋልያ ደግሞ በዓለም ላይ ያለው ሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። ጓሳ የሚሄድ ሰው የሚያየው ጭላዳ ነው፤ ዕድል ከቀናውም ቀይ ቀበሮ።

የምጽፍበት ምክንያት ይሄ ፎቶ ሆነ። ለሌላ ለማንም ድርጅት ሊላክ የማይችል ነገር ስላገኘሁ ነው። እኔ ረቂቄን የምፈትነው እንዲህ ነው፦ የድርጅቱን ስም አውጥቼ የሌላ ድርጅት ስም አስገባበታለሁ። ከዚያ በኋላም ደብዳቤው ትክክል ሆኖ ከተነበበ ገና አልተጻፈም ማለት ነው። «ድርጅታችሁ በዘርፉ ያለውን መልካም ስም በማድነቅ» የሚለው አረፍተ ነገር ይህን ፈተና መቼም አያልፍም፤ ተቀባዩም ለመቶ ሰው እንደተላከ ወዲያው ይገባዋል።

ቀጥሎ ለማን እንደምልክ አየሁ። ገጹ ግርጌ ላይ ያለው info@ የሚለው አድራሻ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ቦታ ማስያዝ የሚሠሩ ልጆች ዘንድ ነው። እነሱ የሚፈልጉት ጉዞ የሚገዛ ሰው ነው፣ የኔን ጉዳይ የመወሰን ሥልጣንም የላቸውም። «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ ስከፍት የጉዞ ፕሮግራሞችን የሚያዘጋጁት ኃላፊ ስማቸውም ኢሜይላቸውም ተቀምጦ አገኘሁ። እንዲህ ያለ ነገር በማይገኝበት ጊዜ ደውዬ «የጉዞ ፕሮግራሞቻችሁን የሚያዘጋጀው ማነው? ኢሜይል ልልክላቸው ነበር» እላለሁ። ስልክ ያነሳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይነግረኛል።

ብዙ የደከምኩት ርዕሱና የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ኢሜይል ስልክ ላይ ሲመጣ ሰው የሚያየው የላኪውን ስም፣ ርዕሱንና ከመልእክቱ መጀመሪያ የተቆረጠ ጥቂት ቃል ነው። ይከፈት አይከፈት የሚወሰነው በነዚህ ነው። እኛ ደግሞ ደብዳቤ ስንጽፍ የለመድነው «ጉዳዩ፦ የትብብር ጥያቄን ይመለከታል» ብለን ጀምረን፣ «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» ማለት ነው። ወረቀት ላይ ይህ ጨዋነት ነው፣ አንባቢውም ወረቀቱን አስቀድሞ በእጁ ይዞታል። ስልክ ላይ ግን ያቺ የምትታየው መስመር በሰላምታው ታልቅና ስለ ምን እንደተጻፈ ሳይታወቅ ጣት ወደ ሌላው ያልፋል። ሰላምታ መተው ደግሞ አይሆንም፤ በተለይ በዕድሜም በሥልጣንም ለሚበልጡኝ ሰው። ስለዚህ «ጤና ይስጥልኝ» ብዬ ስማቸውን ጠራሁና በቀጥታ ወደ ፎቶው ገባሁ። አክብሮቱን «እርስዎ» የሚለው አነጋገርና የደብዳቤው ማጠር ይሸከሙታል።

የላኩት ይህን ነው፦

> ርዕስ፦ የጓሳ ገጻችሁ ላይ ያለው የዋልያ ፎቶ
>
> ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ …፣
>
> የመንዝ ጓሳ ጉዞ ገጻችሁ ላይ ሁለተኛው ፎቶ ዋልያ ነው። ዋልያ ያለው ሰሜን ተራሮች ብቻ ስለሆነ፣ ፎቶውን አይቶ ጓሳ የሚመጣ እንግዳ አስጎብኚያችሁን «የታለ?» ብሎ እንዳይጠይቅ ብዬ ነው የጻፍኩልዎ።
>
> እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ስለ ሰሜን ሸዋ ቦታዎች ለአስጎብኚ ድርጅቶች በእንግሊዝኛ መግለጫ እጽፋለሁ፣ ፎቶም አነሳለሁ። ጓሳ ላይ ያነሳኋቸው የጭላዳና የቀይ ቀበሮ ፎቶዎች አሉኝ።
>
> የጓሳን ገጽ ለመጪው ወቅት የምታድሱት ከሆነ፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ ያለ ክፍያ ጽፌ ላሳይዎ?
>
> ከአክብሮት ጋር፣
> (ስሜና ስልክ ቁጥሬ)

ስሕተቱን የነገርኩበትን መንገድ በደንብ አስቤበታለሁ። «ገጻችሁ ላይ ስሕተት አለ» ብሎ መጀመር ሰውን መንቀፍ ነው፤ የተነቀፈ ሰው ቢመልስ እንኳ ራሱን ለመከላከል ነው። እኔ የጻፍኩት ፎቶው ላይ ያለውን ነገርና እንግዳ ፊት ሊያመጣ የሚችለውን ጣጣ ነው። ማን አጠፋው የሚለው ውስጥ አልገባሁም። ጥቆማው ብቻውን እንዲጠቅማቸውም ፈልጌያለሁ፤ ሥራውን ባይሰጡኝም ፎቶውን ይቀይሩታል። ተቀባዩ ከደብዳቤው አንድ ነገር አግኝቶ ከሆነ ለመመለስ ይቀለዋል።

ስለ ራሴ የጻፍኩት አጭር አንቀጽ ነው፤ የገባውም «ይህን እንዴት አወቀ?» ለሚለው መልስ እንዲሆን ብቻ ነው። የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ የአገልግሎት ዝርዝር አልጨመርኩም። ዋጋም አልጻፍኩም፤ ሥራው ምን ያህል እንደሆነ ሳይታወቅ የተጻፈ ዋጋ ወይ ይወደዳል ወይ በኋላ ያሳስራል። ፎቶም አላያያዝኩም። ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፋይል ወይም ሊንክ ሰውን ያስጠረጥራል፣ መልእክቱን ወደ ስፓም ሊወስደውም ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ኢሜይሉን የሚከፍተው በሞባይል ዳታ ነው፤ ከባድ ፎቶ ቢላክለት ሳያወርደው ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ግን መልሱን ያመጣው የመጨረሻው ጥያቄ ይመስለኛል። «አብረን ብንሠራ ደስ ይለኛል» ብል ምን ብለው ይመልሳሉ? ስብሰባ ሊጠሩ ነው? አለቃ ሊያማክሩ ነው? ሰው ለመመለስ ማሰብ ካለበት «በኋላ» ይልና ይረሳዋል። «ጽፌ ላሳይዎ?» ሲባል ግን መንገድ ላይ ሆኖም «እሺ» ብሎ መላክ ይችላል። የሚጠየቀው ትንሽ፣ ክፍያ የሌለበትና በአንድ ቃል የሚመለስ መሆን አለበት። ጥያቄውም አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ከሆኑ ሰው ቀላሏን መልሶ ዋናዋን ይተዋታል፤ ወይም ሁለቱንም ይተዋቸዋል።

የላኩት በግንቦት ነው። የቱሪስቱ ወቅት ከመስቀል እስከ ጥምቀት ሲሆን እነዚህ ሰዎች ለመተንፈስ ጊዜ የላቸውም፤ ጥሩ ደብዳቤም ቢሆን ይቀበራል። ክረምቱ ሊገባ ሲል ግን ሥራ ይቀዘቅዛል፣ የመጪው ዓመት ፕሮግራም የሚታሰበውም ያኔ ነው። «ለመጪው ወቅት» ያልኩትም ለዚህ ነው።

መልሱ የመጣው በስልክ ነው። እዚህ አገር ኢሜይል አንብቦ መደወል የተለመደ ስለሆነ ቁጥሬን ሁልጊዜ ከስሜ ሥር አስቀምጣለሁ። ኃላፊዋ ስለ ዋልያው አመስግነው «እስቲ አንቀጹን ላኩት» አሉኝ። በዚያው ቀን ላክሁላቸው፤ ሰው ጉዳዩን ሳይረሳው መድረስ አለበት። አንቀጹ ስለ ውብ ተራራ አያወራም። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ለዘመናት በራሱ ሥርዓት እንዴት እንደጠበቀው ይናገራል፦ ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሕዝቡም ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እስካሁን የቆዩት በዚህ ጥበቃ መሆኑንም ጻፍኩ። ይህን ሌላ ገጽ ላይ ሊለጥፉት አይችሉም። ካነበቡት በኋላ «ሙሉ ገጹ ስንት ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ዋጋዬን የተናገርኩት ያኔ ነው፤ ቀጥሎም የአንኮበርን ገጽ ሰጡኝ።

ሁሉም እንዲህ አይሆንም፤ የማይመልሰው ይበዛል። ዝምታው ግን ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ለይቼ አያለሁ። ወዲያው Mailer-Daemon ከሚል ላኪ መልእክት ከመጣ ብዙ ጊዜ አድራሻው ስሕተት ነው፣ ሰው ዘንድ አልደረሰም፤ ደውዬ ትክክለኛውን እጠይቃለሁ። «ፕሮፋይልዎን ይላኩልን፣ እናየዋለን» የሚል መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጨዋ አንደበት የተባለ እምቢታ ነው። ፕሮፋይሌን አጭር አድርጌ እልካለሁ፤ አብሬም አንድ የሚመለስ ጥያቄ አስከትላለሁ፦ «በዚህ ዓመት የምታድሱት የትኛውን ገጽ ነው?» የገጽ ስም ከመጣ ጉዳዩ አልሞተም።

ምንም ካልመጣ ሳምንት ያህል ቆይቼ አንድ ጊዜ እጽፋለሁ። አዲስ ኢሜይል አልከፍትም፤ የመጀመሪያው ሥር መልስ ብዬ እልካለሁ፣ አንባቢው ወደ ኋላ ሄዶ መፈለግ እንዳይኖርበት። «ኢሜይሌን አይተውት ይሆን?» አልልም፤ ይህ ሰውን መውቀስ ነው። አዲስ ነገር ይዤ እመጣለሁ፣ ለምሳሌ «ወደ ጓሳ የሚወስደው መንገድ በክረምት ለመኪና ስለሚያስቸግር ገጹ ላይ የሚሻለውን ወር መጻፍ ይጠቅማችኋል» እላለሁ፤ የመጀመሪያውን ጥያቄም እደግመዋለሁ። ከዚያ በኋላ ዝም ካሉ እተዋለሁ። በሚቀጥለው ግንቦት ገጹን እንደገና እከፍታለሁ፤ አዲስ የምጠቁመው ነገር ካገኘሁ እጽፋለሁ፣ ካላገኘሁ አልጽፍም።