ዘጠናን የደፈኑት ንብረት ያዥ

ኬኩ ሊቆረስ ሲል አባባ «የማክሰኞው ድንኳን ደርቋል?» አሉ። ማንም አልመለሰም።

ዛሬ 90 ዓመት የደፈኑት እኚህ ሰው የእድራችን ንብረት ያዥ ናቸው። ወንበሩም ድስቱም የሚወጣው በእሳቸው መዝገብ ነው፤ ዋናው ሥራቸው ግን ሸራው ነው። የጥጥ ሸራ እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ በሁለት ሦስት ቀን ሻጋታ ይጀምረዋል። ጥቁር ነጥብ ከመታየቱ በፊት ሽታው ይቀድማል፤ ስለዚህ አባባ እጥፋቱን ገልጠው ያሸታሉ። ስፌቱንም በጣታቸው ይጫኑታል፤ ድርብ ስለሆነ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥበት ይይዛል። ፀሐይ ከሌለ እንኳ ንፋስ በሚገባበት አዳራሽ ገመድ ላይ ይሰቀላል እንጂ አይከማችም።

አስተጣጠፋቸውም ለብቻው ነው። በየጊዜው መታጠፊያውን አንድ ስንዝር ያዛውሩታል። ሸራ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ከታጠፈ እዚያው ይሳሳና ዝናብ ያስገባል፤ ያውም ለቅሶ በተቀመጠ ሰው ላይ። ችካሎቹ ደግሞ ጭቃቸው ሳይራገፍ ከሸራው ጋር አይጠቀለሉም፤ ዝገታቸው ጨርቁን ይበላል።

ሁለት ወጣቶች መጋዘን ሄደው ድንኳኑን ዘረጉት። መሐሉ እርጥብ ነበር። አባባ ስፌቱን ነክተው ካረጋገጡ በኋላ ኬኩ ተቆረሰ።