ጃንጥላው ከመጥፋቱ በፊት ምን ይሠራ ነበር?

ንግግር የሌለበት የሁለት ደቂቃ ፊልም መጻፍ ቀላል መስሎኝ ነበር። የሚነገር ቃል የለ፣ ሰዎቹ ሁለት፣ ቦታው አንድ፤ በአንድ ቅዳሜ ይጠናቀቃል ብዬ ተቀመጥኩ። ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ። ከሰባቱ አምስቱን የበላው አንድ ስሕተት ነው፤ ያንን ስሕተት አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ቢያንስ እናቴ ፊት መጥረጊያ ይዤ ግቢ ውስጥ ባልተንጎራደድኩ።

ሐሳቡን ያገኘሁት ባሕር ዳር፣ ሐይቅ ዳር ባለው መንገድ ላይ ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ የበቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት ትልቁን ጃንጥላዋን ነፋስ ነጥቋት፣ በባጃጆች መካከል እየተንከባለለ ሲሄድባት አየሁ። ቤት ገብቼ ስጽፍ ግን ዐይኔ ያየውን ትቼ ሴትዮዋን ሶፍትና ማስቲካ አዟሪ አደረግኳት። የበለጠ የምታሳዝን መስላኝ ነው። ጃንጥላውን ደግሞ የሟች እናቷ ማስታወሻ አደረግኩት። አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል።

ረቂቁን አንድ የአጫጭር ፊልሞች ውድድር ላይ አስገባሁ። የውድድሩ መመሪያ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው ይል ስለነበር ሁለት ገጽ ጻፍኩ። መልሱ በግማሽ ገጽ አስተያየት መጣ፦ «ስሜቱ አልጎላም፤ ገጸ ባሕርይዋ ስታለቅስ ብናያት፤ ካስፈለገም ሁለት ጊዜ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ማሳየት ይቻላል።» እኔም ታዛዥ ሆንኩ። አስለቀስኳት። ካርቶን ላይ «ቢጫ ጃንጥላ ጠፍቶብኛል» ብላ ስትጽፍ አሳየሁ። ሁለት ሳምንት በዚህ አለፈ። ዳኞቹን ብቻ አልወቅስም፤ ልቅሶ የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ግን የጎደለው እንባ እንዳልሆነ ለማወቅ ጽሑፉን አንድ ጊዜ በሰዓት ለክቶ ማየት ይበቃቸው ነበር።

እኔ የለካሁት በአራተኛው ሳምንት ነው። ግቢያችን ውስጥ በርጩማ አስቀምጬ፣ መጥረጊያ እንደ ጃንጥላ አቁሜ፣ የስልኬን የሰከንድ ቆጣሪ ከፍቼ እያንዳንዱን መስመር ራሴ ተወንኩት። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ልጄ፣ ምን ነካህ?» አለችኝ። ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ! ሁለት ገጽ ነበር። «በየሱቁ እየዞረች ትጠይቃለች» የምትለው አንዲት መስመር ብቻዋን አርባ ሰከንድ ወሰደች። ንግግር በሌለበት ጽሑፍ የገጹን ሕግ እርሱት፤ ገጽ ድርጊትን አይለካም። እየተወናችሁ ሰከንዱን ከየመስመሩ ጎን ጻፉ።

ርዝመቱ ግን የከፋው ችግር አልነበረም። ከጽሑፉ ላይ አሥራ አምስት ሥዕሎች በእርሳስ ሠርቼ፣ ያለ አንዳች ማብራሪያ በተራ ለሦስት ሰው አሳየሁ፤ ከዚያ «ምን ሆነ?» ብዬ ጠየቅኩ። እህቴ «ሴትዮዋ ጃንጥላዋን ረስታው ሄዳ ነው» አለች። ጓደኛዬ ሌባ ሰርቋት ነው አለ። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ጃንጥላውን ሸጣው ኋላ እንደጸጸታት ነገረኝ። ስለ ሟች እናት የገመተ የለም።

ያን ዕለት ማታ ነው የገባኝ። «ጠፋ» ቃል ነው፤ ሥዕል አይደለም። ሥዕል ማሳየት የሚችለው «የለም»ን ብቻ ነው። የተረሳ፣ የተሰረቀ፣ የተሸጠና ነፋስ የወሰደው ጃንጥላ ሁሉም አንድ ዓይነት ባዶ ቦታ ይተዋሉ። ባዶ ቦታው ትርጉም የሚኖረው ተመልካቹ ሁለት ነገር አስቀድሞ ካየ ነው፦ ጃንጥላው እዚያ ቆሞ ምን ይሠራ እንደነበር፣ እንዴትስ እንደሄደ። እኔ ከዚያ ሁሉ ሰከንድ አሥራ ሁለቱን ለጣና ማለዳና ለደንገል ታንኳዎች ሰጥቼ፣ ለጃንጥላው ሥራ የሰጠሁት ስምንት ሰከንድ ነበር። የቀረው ሁሉ ፍለጋ ነው። የማይታወቅ ነገር ፍለጋ ማንንም አያስጨንቅም።

በማግስቱ ወደ ሐይቅ ዳር ሄጄ በቆሎ ገዝቼ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ዝናብ ሲጀምር ሴትዮዋ ጃንጥላውን ያዘነበለችው ወደ ራሷ አልነበረም፤ ወደ ከሰል ምድጃዋ ነው። ግራ ትከሻዋ ውጭ ቀርቶ ይረጥባል፤ ፍሙ ግን ደረቅ ነው። ፍሙ ከጠፋ የዕለቱ ገበያ አብሮ ይጠፋል። ሶፍት አዟሪዋ ላይ አምስት ሳምንት የፈለግኩት ነገር ይኼው፣ የመጀመሪያ ቀን አይቼው የጣልኩት ኖሯል። የእናት ማስታወሻ አላስፈለገም። እንባም አላስፈለገም።

ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ረቂቁ ላይ ካሜራ ሊያየው የማይችለውን ግሥ ሁሉ ሰረዝኩ። «ታስታውሳለች»፣ «ትጨነቃለች»፣ «ተስፋ ትቆርጣለች»፤ ባጠቃላይ አሥራ አራት። በእያንዳንዱ ቦታ እጅ የሚሠራው ነገር መፈለግ ነበረብኝ። «ትጨነቃለች» የነበረው «ያረረውን በቆሎ በዚያው በኩል ደግማ ታገላብጣለች» ሆነ። «ማስታወሻ» የነበረው ወደ ጨርቅ ተለወጠ፦ ቢጫው ጃንጥላ ላይ አረንጓዴ እራፊ ተጥፎበታል፣ የራሷ ሻሽም ከዚያው ጨርቅ ነው። ጃንጥላው የማን እንደሆነ በኋላ ሌላ ቦታ ሲታይ ማንም አይጠይቅም። የካርቶኑን ጽሑፍ ቀደድኩት፤ መመሪያው ይፈቅዳል፣ እኔ አልፈቅድም። ተመልካች ጽሑፍ ሲያነብ እጇን ማየት ያቆማል፤ ማንበብ የማይችል ተመልካች ደግሞ ከፊልሙ ይወጣል።

የመጀመሪያው ሠላሳ አምስት ሰከንድ በመጨረሻ ይህን መሰለ፦

ውጭ። የሐይቅ ዳር መንገድ። ከሰዓት በኋላ።

ፍም። አንዲት የውሃ ጠብታ ትወድቅበታለች። እንፋሎት። 4 ሰከንድ

የሴት እጅ የጃንጥላውን ዘንግ ይዞ ወደ ምድጃው ያዘነብላል። 5 ሰከንድ

ሁለተኛዋ ጠብታ ከጃንጥላው ጫፍ ተንጠልጥላ፣ ከምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ትወድቃለች። 5 ሰከንድ

የሴትዮዋ ግራ ትከሻ። ከጃንጥላው ውጭ ነው፤ ርሷል። 4 ሰከንድ

ቢጫው ጃንጥላ ከፊት፤ አረንጓዴ እራፊ። ከሥሩ አረንጓዴ ሻሽ። 6 ሰከንድ

ገዢ ጎንበስ ብሎ ከጃንጥላው ሥር ይገባል። በቆሎውን ተቀብሎ እዚያው ቆሞ ይበላል፤ መውጣት አልፈለገም። 11 ሰከንድ

እዚህ ላይ የመምህራንን ምክር የምጥሰው ሆን ብዬ ነው። ጸሐፊ ካሜራን አይዘዝ ይባላል። ቃል ያለበት ጽሑፍ ላይ እስማማለሁ። ቃል በሌለበት ግን የምስሉ ስፋት ራሱ ቃል ስለሆነ፣ «ቅርብ ምስል» ብዬ ሳልጽፍ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው መስመር እሰጠዋለሁ። «ፍም» ብቻ የተጻፈበትን መስመር ከሩቅ የሚቀርጽ ሰው አላጋጠመኝም።

ዝናቡንም እንዲሁ በሚወድቅበት ነገር ጻፍኩት። በአየር ላይ ያለ ዝናብ ብርሃን ከኋላው ካልመታው ካሜራ ላይ አይታይም ማለት ይቻላል። «ዝናብ ይዘንባል» ብሎ የጻፈ ሰው ኋላ የውሃ ጎማ ተከራይቶ መንገዱን ሁሉ ያጥለቀልቃል፣ ምስሉ ላይ ግን የሚታየው ደመናማ ቀን ነው። ፍም ላይ የምትወድቅ ጠብታ አንድ ጆግ ውሃ ነው የምትጠይቀው።

ጃንጥላው የሚሄድበት ቅጽበት አሥር ሰከንድ ነው። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ከጆንያ በቆሎ ስታወጣ፣ ከኋላዋ ቢጫው ቀስ ብሎ ከምስሉ ይወጣል። እሷ አላየችም፤ እኛ አይተናል። ዞር ከማለቷ በፊት ፍሙ ላይ ጠብታ ይወድቃል።

በነፋሱ ግን እንደገና ተሳሳትኩ። ጃንጥላውን ወደ ሐይቁ ሰድጄው፣ አንድ ታንኳ ቀዛፊ ከውሃው ሲያወጣው ጽፌ ነበር፤ ለዓይን የሚያምር ምስል። ለአንድ ሽማግሌ ታንኳ ቀዛፊ ሳወራላቸው ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቅ ወደ ከተማ ነው የሚመጣው። ጃንጥላህ እንዴት አድርጎ ወደ ጣና ይሄዳል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቀን መሬቱ ከውሃው ይልቅ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከውሃው ይመጣል፣ ባሕር ዳር ደግሞ በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ናት። ማዕበል ሲነሣ ይህ ልማድ ሊፈርስ ይችላል። ይሁንና ገዢው ከጃንጥላው ሥር ሲበላ፣ የምድጃው ጢስና ዘንባባዎቹ ወደ ከተማ ዘንበል ብለው ሳሉ ጃንጥላው ወደ ውሃ ቢሄድ፣ የባሕር ዳር ሰው ወዲያው ያውቃል። «አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ታንኳዬን ሰረዝኩ። አሁንም ትንሽ ያሳዝነኛል፤ ታንኳው ቆንጆ ነበር።

ስለዚህ ጃንጥላው ወደ ከተማ ተንከባለለ፣ ፍለጋው አርባ አምስት ሰከንድ ሆነ፤ ሴትዮዋም ስትፈልግ ምድጃውን ጥላ እንዳትሄድ እየተመለሰች በካርቶን ፍሙን ትሸፍናለች። ይህ መመላለስ ብቻ ፍለጋውን አሳጥሮ አከበደልኝ። ካርቶኑ እየረጠበ ይጎብጣል። በሦስተኛው ምልልስ ከካርቶኑ ሥር የሚወጣው ጢስ ቀጥኗል።

የመጨረሻው ሠላሳ ሰከንድ፦ ከመንገዱ ማዶ ሌላ በቆሎ ጠባሽ በቢጫው ጃንጥላ ሥር ተቀምጣለች። ያነሳችው መንገድ ላይ ወድቆ አግኝታ ነው፤ ይህንን የሚያሳየው ከጃንጥላው ጎን የተዘረጋው የራሷ አሮጌ ላስቲክ ነው። የእኛዋ ሴት አረንጓዴውን እራፊ ታያለች። ጃንጥላውን አትነካም። ተመልሳ የምድጃዋን እጀታ በሻሿ ጠቅልላ፣ ከነፍሙ ይዛው መንገዱን ትሻገራለች፤ ከሌላዋ ምድጃ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ሁለቱም ያራግባሉ። ሁለቱ ውጫዊ ትከሻዎች ርሰዋል።

በስልክ ቀረጽነው፣ ተቆራርጦ ሁለት ደቂቃ ከስድስት ሰከንድ ሆነ። ውድድሩ ላይ አላስገባሁትም፤ አኩርፌ ነው። ነገር ግን በቆሎ ለምትጠብሰው ለራሷ ለሴትዮዋ በስልኬ አሳየኋት። ዝም ብላ እስከ መጨረሻው አየችው፣ በቆሎውን አገላበጠች፣ ከዚያ ቀና ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«ማታስ ጃንጥላው ከማን ዘንድ አደረ?»