የሦስት ዓመቱ ማቡኪያ ወይስ የስድስት ዓመቱ? በኢኤኤ ያሰላሁት

ኮርፖሬት ፋይናንስ ማጥናት ከጀመርኩ ይህ ሦስተኛው ወር ነው። በዚህ ወር የያዝኩት ርዕስ ዕድሜያቸው የማይመሳሰል ሁለት ፕሮጀክቶችን ኢኤኤ በሚባለው የእኩል ዓመታዊ መጠን ዘዴ ማወዳደር ነበር። የመልመጃ ጥያቄዎቹን ከጨረስኩ በኋላ በእውነተኛ ነገር ልሞክረው ብዬ አጎቴ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ዳቦ ቤት አላቸው፤ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ሊገዙ ዋጋ እየጠየቁ ነበር።

ሁለት ማሽን ቀርቦላቸዋል። ትንሹ 300 ሺህ ብር ነው፤ ሦስት ዓመት ይሠራል። ትልቁ 540 ሺህ ብር ነው፤ ስድስት ዓመት ይሠራል። ከጋሼ ጋር ቁጭ ብለን በዓመት የሚያስገቡትን አሰላን። የሚቀንሱትን የጉልበት ወጪና የሚጨምሩትን ምርት ደምረን፣ መብራትና ጥገናን ቀነስን። ለትንሹ 190 ሺህ፣ ለትልቁ 200 ሺህ ብር ወጣ። ግብሩን ነገሩ እንዳይወሳሰብ ትቼዋለሁ። ገንዘቡ በዓመት 20 በመቶ ያስከፍላል ብለን ያዝን።

መጀመሪያ የተጣራ የአሁን ዋጋቸውን፣ ማለትም ኤንፒቪያቸውን፣ አወጣሁ፤ የየዓመቱ ገቢ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመልሶ የግዢው ዋጋ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ትንሹ 100,231 ብር፣ ትልቁ 125,102 ብር ሆነ። በዚህ ብቻ ብንሄድ ትልቁን ግዙ ማለት ነው። ግን ውድድሩ እኩል አይደለም። ትልቁ 125 ሺውን ያገኘው በስድስት ዓመት ነው። ትንሹ ሦስት ዓመት ሠርቶ ሲያበቃ ጋሼ ዳቦ ቤቱን አይዘጉትም፤ ሌላ ማሽን ገዝተው ይቀጥላሉ። ያ የሁለተኛው ዙር ትርፍ ስሌቱ ውስጥ የለም።

ኢኤኤ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኤንፒቪውን በማሽኑ ዕድሜ ላይ በእኩል ዓመታዊ መጠን ይዘረጋዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ኤንፒቪውን ለአኑይቲ ፋክተሩ፣ ማለትም በየዓመቱ የሚገባ አንድ ብር በድምሩ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ለሚያሳየው ቁጥር፣ ማካፈል ነው። በ20 በመቶ ፋክተሩ ለሦስት ዓመት 2.10648፣ ለስድስት ዓመት 3.32551 ነው። ኤክሴል ላይ የትንሹን እንዲህ ጻፍኩት፦

```
=PV(20%,3,-190000)-300000
=PMT(20%,3,-100231)
```

የመጀመሪያው ኤንፒቪውን፣ ሁለተኛው ኢኤኤውን ይሰጣል። የመቀነስ ምልክቷን ከረሳችኋት መልሱ ኔጌቲቭ ሆኖ ይወጣና ማሽኑ ኪሳራ ይመስላችኋል። ትንሹ በዓመት 47,582 ብር፣ ትልቁ 37,619 ብር ሆነ። ምርጫው ተገለበጠ።

ለእኔ ነገሩ የገባኝ በሌላ መንገድ ሳየው ነው። 300 ሺህን ለ2.10648 ብናካፍል 142,418 ይመጣል። ይህ ማሽኑን በዓመት እንደተከራየነው ያህል የሚያስወጣን ነው። 190 ሺህ ያስገባል፣ 142,418 ኪራዩ ነው፣ የቀረው 47,582 ነው። ትልቁ ደግሞ ኪራዩ 162,381 ነው። 20 ሺህ ብር ያህል በሚበልጥ ኪራይ የሚጨምርልን ገቢ 10 ሺህ ብቻ ነው ማለት ነው።

ለማረጋገጥ ትንሹን ሁለቴ ገዝቼ ለስድስት ዓመት ዘረጋሁት። የመጀመሪያው ዙር 100,231፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ዙር ወደ ዛሬ ሲመለስ 58,004፣ ድምሩ 158,235 ነው። ከትልቁ 125,102 ይበልጣል። ሁለቱ ዘዴዎች ተስማሙ። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ለጋሼ ወሰድኩት።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሁለተኛውን ዙር በጣታቸው ነኩት። «ይሄ 300 ሺህ ከሦስት ዓመት በኋላም 300 ሺህ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። አዎ ብዬ እንደዛ ነው ያሰላሁት አልኳቸው። «ዳቦውስ? ዛሬ በምሸጥበት ዋጋ ነው ስድስት ዓመት የምሸጠው?»

መልስ አልነበረኝም። ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው ስህተቱ ታየኝ። 190 ሺውንና 200 ሺውን ያሰላነው በዛሬ የዳቦና የዱቄት ዋጋ ነው። 20 በመቶው ግን የዋጋ ንረትን በውስጡ የያዘ የባንክ ወለድ ነው። በዛሬ ዋጋ የተሰላውን ገቢ በንረት በተነፋ የወለድ ሬት ወደ አሁን ስመልስ፣ የሩቅ ዓመታትን ገቢ ከሚገባው በላይ እያሳነስኩ ነበር። በዚህ የሚጎዳው ደግሞ ገቢው ሩቅ ድረስ የሚዘልቀው ትልቁ ማሽን ነው።

ማስተካከያው ሬቱን ከንረት ማጽዳት ነው። ንረቱ በዓመት 15 በመቶ ቢሆን ብለን እንያዝ። 1.20 ለ1.15 ሲካፈል 1.0435 ነው፤ ስለዚህ እውነተኛው ሬት 4.35 በመቶ አካባቢ ነው። ከ20 ላይ 15 መቀነስ ቀላል ነው፤ ግን 5 ይሰጣል፣ ትክክል አይደለም። በአዲሱ ሬት ፋክተሮቹ 2.7569 እና 5.1833 ሆኑ። የትንሹ ኢኤኤ 81,181፣ የትልቁ 95,819 ብር ወጣ፤ ሁለቱም በዛሬ ብር አቅም። ምርጫው እንደገና ተገለበጠ፤ አሁን ትልቁ ይሻላል።

በዚህ ወር ከተማርኩት ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። የመልመጃ ጥያቄዎቹ ሬቱን ሰጥተው ያልፋሉ። እኛ አገር ግን ወለዱና ንረቱ ከፍ ስለሚሉ፣ የዛሬን ዋጋና የባንክን ሬት መቀላቀል ውሳኔውን እስከመገልበጥ ይደርሳል። ኢኤኤ ስታሰሉ መጀመሪያ ገቢው በየትኛው ዋጋ እንደተሰላ ጠይቁ።

ይህም ቢሆን ዳቦውና ማሽኑ በአንድ ፍጥነት ይወደዳሉ ብሎ ያስባል። ማሽኑ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እንዲህ ዓይነት ነገር በሁለቱ ዙሮች መካከል ቢመጣ ሁለተኛው ማሽን ዳቦው ከተወደደበት በላይ ሊወደድ ይችላል። ያኔ ኢኤኤ አያገለግልም፤ ምክንያቱም ዙሩ ያው ሆኖ ይደገማል የሚለው መሠረቱ ፈርሷል። ስድስቱን ዓመት አንድ በአንድ ጽፎ፣ ለአራተኛው ዓመት ማሽን የተለየ ዋጋ አስገብቶ ማስላት ነው የሚያዋጣው።

ውጤቱን ይዤ ጋሼ ጋ ተመለስኩ። ትልቁ ይሻላል አልኳቸው። አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣ የቤቱ የኪራይ ውል የቀረው ሦስት ዓመት መሆኑን ነገሩኝ። ባለቤቱ ያድስላቸው አያድስላቸው አልታወቀም።

ይህ ደግሞ ጥያቄውን ይቀይረዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ዙር ከሌለ ኢኤኤ ምንም አይነግረንም። ሁለቱንም በሦስት ዓመት ላይ ማቆም አለብን፤ ትልቁ ያኔ ገና የሦስት ዓመት ዕድሜ ስለሚቀረው የሚሸጥበትን ዋጋ እንጨምርለታለን። በ4.35 በመቶ ትንሹ በሦስት ዓመት 223,806 ብር ያተርፋል። ትልቁ ሳይሸጥ 11,374 ብቻ ነው። ልዩነቱን ለመሙላት ትልቁ ያገለገለ ሆኖ በዛሬ ብር ቢያንስ 241 ሺህ ገደማ ማውጣት አለበት፤ ከተገዛበት ግማሽ ትንሽ ዝቅ ይላል።

ሦስት ዓመት የሠራ ማቡኪያ በስንት እንደሚሸጥ ጋሼ የዳቦ ቤት ዕቃ ነጋዴዎችን ሊጠይቁ ነው። ቅዳሜ አብሬያቸው እሄዳለሁ።