ፐርጅ ተደርጎም ያልቀለለው ፋይል

የአንድ የመኖሪያ ሕንፃ የአውቶካድ ሞዴል 148 ሜጋባይት ደርሶ ነበር። ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጃል፣ በ3ዲ ላዙርህ ሲሉት ስክሪኑ ይደርቃል፣ በኢሜይል መላኩማ አይታሰብም። ፋይሉን የያዘው ድራፍተር PURGE ብሎ ጥቅም ላይ ያልዋለውን ሁሉ ጠረገና በCtrl+S ሴቭ አደረገ። መጠኑን ሲያይ ግን ያው ነው። «ጠርጌዋለሁ እኮ፣ ንቅንቅ አላለም!» አላት አርክቴክቷን።

ለዚህ የመጀመሪያው ምክንያት ከብሎክ ጋር አይገናኝም። አውቶካድ ሴቭ ባደረግን ቁጥር ፋይሉን ከባዶ አይጽፈውም፤ ጊዜ ለመቆጠብ የተለወጠውን ብቻ ጽፎ የተሰረዘው ነገር የያዘውን ቦታ ክፍት ሊተወው ይችላል። ምን ያህል ባዶ ቦታ እንደሚታገሥ የሚወስነው ISAVEPERCENT ሲሆን የተለመደው ዋጋው 50 ነው። እሱን 0 ማድረግ፣ ወይም SAVEAS ብሎ በሌላ ስም ማስቀመጥ ሙሉ ሴቭ ያስደርጋል። ስለዚህ የጽዳት ሥራ መጠን የሚለካው ከሙሉ ሴቭ በኋላ ነው። በዚህ አጋጣሚ አዲሱ ስም ዋናውን ሳይነኩ በኮፒ ላይ ለመሥራትም ይጠቅማል።

ቀጥሎ AUDIT ተደረገ፤ ስህተቶቹ ይስተካከሉ ለሚለው ጥያቄ Y ተመለሰ። PURGE ደግሞ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡትን ብሎኮች እንዲያካትት ምልክት ተደርጎ እንደገና ተሠራበት። All የሚለው ምርጫ ግን ስሙ እንደሚለው ሁሉንም አይጠርግም። ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ፋይሉ ውስጥ ጥለው የሚሄዱት regapps የሚባለው የምዝገባ ስም በኮማንድ መስመር ለብቻው ይጠረጋል፦

```
-PURGE
R
*
N
```

ከዚያም PURGE መስኮት ውስጥ Find Non-Purgeable Items የሚለው ሲከፈት አንድ ነገር ታየ። በፍሪዝ ሌየር ላይ የተቀመጠ ቀድሞ የተጣለ የፎቅ ንድፍ ከነሙሉ ዕቃው ተኝቷል። ዓይን አያየውም እንጂ ለአውቶካድ በጥቅም ላይ ያለ ነገር ነው፣ ፐርጅም አይነካውም። ሌየሩ ተከፍቶ፣ ንድፉ ተሰርዞ፣ እንደገና ፐርጅ ተደርጎ በሙሉ ሴቭ ሲቀመጥ ፋይሉ 121 ሜጋባይት ሆነ። ቀንሷል፣ ግን ገና ከባድ ነው።

አሁን የቀረው ክብደት ሥራ ላይ ያለ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው በብዛት በገባው ብሎክ ላይ ነው። BCOUNT ሲደረግ የእጅ መታጠቢያው 96 ጊዜ ገብቷል፣ «ችግሩ እሱ ነው» ተባለ። አይደለም። የብሎክ ቅርጽ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው አንድ ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ ተደጋጋሚ የሚይዘው የት እንደተቀመጠ፣ በስንት ዲግሪ እንደዞረና በምን ስኬል እንደሆነ ብቻ ነው። 96ም ይሁን 500፣ በፋይሉ መጠን ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

BCOUNT ካወጣው ዝርዝር ውስጥ የሚያስጠረጥረው ሌላ ነበር፦ A$C ብለው የሚጀምሩና የተደበላለቀ ፊደልና ቁጥር የተከተላቸው 22 ስሞች። ይህ ስም የሚመጣው አንድ ሰው ዕቃ ኮፒ አድርጎ በCtrl+Shift+V እንደ ብሎክ ሲለጥፍ ነው። እንደገና ኮፒ አድርጎ በለጠፈ ቁጥር አውቶካድ ለዚያው ዕቃ አዲስ ስምና አዲስ ፍቺ ይፈጥራል። ከዝርዝሩ አንዱ በWBLOCK ለብቻው ወደ ፋይል ሲወጣ 3.5 ሜጋባይት መዘነ። የብሎክን ክብደት ለማወቅ ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ያው 3.5። ሃያ ሁለቱም አንድ ዓይነት የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ነበሩ፤ ከኢንተርኔት የወረደ ሜሽ በየፎቁ እየተለጠፈ 22 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተጽፏል። ሁሉም ቦታ ላይ ስለተቀመጡ ፐርጅ አንዱንም ሊጠርግ አይችልም።

መፍትሔው አንዱን ማስቀረትና ሌሎቹን በእሱ መተካት ነው። አንዱ በRENAME ትክክለኛ ስም ተሰጠው፣ የቀሩት በኤክስፕረስ ቱልስ ውስጥ ባለው BLOCKREPLACE አንድ በአንድ ተተኩ። መጨረሻ ላይ የቀረውን ልጥረግ ወይ ብሎ ሲጠይቅ Yes ይባላል።

ሁለት ፎቅ ላይ ግን ወንበሮቹ ለጠረጴዛው ጀርባቸውን ሰጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በእነዚያ ፎቆች ወንበሩ ኮፒ የተደረገው ከዞረ በኋላ ስለነበር ዙረቱ የተጻፈው በብሎኩ ፍቺ ውስጥ ነው፤ በፕሮፐርቲስ ላይ Rotation የሚለው 0 ያሳያል። መነሻ ነጥቡም እንዲሁ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከመተካት በፊት ከየስሙ አንድ አንድ ወንበር በ0 ዲግሪ ጎን ለጎን አስገብቶ ማየት ያዋጣል፤ አቅጣጫው ለየት ያለው ብሎክ ከተተካ በኋላ በተለየበት ልክ ይዞራል። ያዩትን ያልመዘገቡ እንደሆነ ግን ከተተካ በኋላ የቱ የቱ እንደነበር መለየት አስቸጋሪ ነው። ይህ ሲያልቅ ፋይሉ 48 ሜጋባይት ላይ ወረደ።

ይህም ሆኖ ሲዞር መንቀርፈፉን አልተወም። ፋይሉ ወንበሩን አንድ ጊዜ ቢጽፈውም ስክሪኑ ግን በገባው ልክ እያንዳንዱን ይሥላል። 180 ወንበር ካለ የአንዱ ወንበር ገጽታ ሁሉ በ180 ይባዛል። ቅርጽን ማቅለል በዋናነት የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ወንበሩ በBEDIT ሲከፈት ከመቀመጫው ሥር 8 ሚሊሜትር ራስ ያላቸው ብሎኖች፣ የስፌት መስመርና የእግር ጎማ ተገኙ። በ1:50 ሲታተም 8 ሚሊሜትር ወረቀት ላይ 0.16 ሚሊሜትር ነው፣ ከቀጭን መስመር አይበልጥም። ሁሉም ተሰረዙ። ክብ እግሮቹ ደግሞ በብዙ ጥቃቅን ገጾች የተገነቡ ሜሾች ነበሩ። እነሱ ወጥተው በCYLINDER ሶሊድ ተተኩ። ሜሽ እያንዳንዱን ነጥብ ሲጽፍ ሲሊንደር ግን እንደ አንድ ክብ ገጽ ይጻፋል፤ በስክሪን ላይ ምን ያህል ለስላሳ እንደሚታይ የሚወስነው FACETRES ነው።

ድራፍተሩ ሥራውን ለማሳጠር መቀመጫውን በCONVTOSOLID ወደ ሶሊድ ሊለውጠው ሞክሮ ነበር። ብሎኩ ከመቅለል ይልቅ አበጠ። እያንዳንዱ የሜሽ ገጽ ራሱን የቻለ የሶሊድ ገጽ ሆኖ ከነጠርዙ ስለሚጻፍ፣ የተወሳሰበን ሜሽ እንዲህ መለወጥ አያዋጣም። MESHSMOOTHLESS ደግሞ የሚቀንሰው በአውቶካድ የተጨመረን ልስላሴ ነው፤ ሲወርድ ጀምሮ የተጠቀጠቀ ሜሽ ላይ አይሠራም። መቀመጫው ጠርዙ በFILLETEDGE በትንሹ በተለሰለሰ ሣጥን እንደገና ተሠራ፣ መነሻ ነጥቡም ሳይነካ ተቀመጠ። ብሎኩ 0.2 ሜጋባይት ሆነ። የመታጠቢያው ቧንቧም በዚሁ መንገድ ከ8 ወደ 0.5 ወረደ፣ አጠቃላዩ ፋይል 37 ሜጋባይት ላይ አረፈ፣ ሞዴሉም ሳይደርቅ መዞር ጀመረ።

አንድ ነገር ብቻ በማግስቱ ተነሣ። የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ፋይሉን ሲከፍት ለእሱ የተዘጋጁት ሌየሮች የሉም። ገና ምንም ስላልተሣለባቸው ፐርጅ ባዶ ናቸው ብሎ ጠርጓቸዋል። በADCENTER ከዋናው ፋይል ተጎትተው ተመለሱ።