ጣሪያው ላይ የበቀለው ሳር

እሁድ ከቡና በኋላ እማዬ የአባቴን የፎቶ ሳጥን አወጣችልኝ። የድሮ የብስኩት ጣሳ ነው። አባቴ በወጣትነቱ የመንገድ ሥራ መኪና ሾፌር ስለነበር አገሩን ዞሮታል። በሄደበት ሁሉ አንድ ቤት ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ከጀርባው ግን ምንም አይጽፍበትም። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። የት እንደቆመ የሚነግሩን ቤቶቹ ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ የያዝነው ፎቶ ላይ ጣሪያው ጠፍጣፋ የሆነ የድንጋይ ቤት አለ። እማዬ ገና ስታየው «ይሄማ ሐረር ነው» አለች። «አባትሽ ሐረር ሁለት ዓመት ተቀምጧል።» ጠፍጣፋ ጣሪያና ድንጋይ ሲታይ ሐረርን ማሰብ ስህተት አይደለም። እኔ ግን ሥራዬ ከቤት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቶሎ እሺ ማለት ከበደኝ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስጄ በአጉሊ መነጽር አየሁት።

ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ጣሪያው ጠርዝ ላይ ነው። ስስ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከግድግዳው ወጣ ብለው እንደ ባርኔጣ ጠርዝ ተደርድረዋል። በሩ ፊት ሻካራ የእንጨት ምሰሶዎች ቆመው የጣሪያውን ጫፍ ተሸክመዋል። ግድግዳው አልተለሰነም፣ ኖራም አልነካውም። ድንጋዩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከዚያ ደግሞ ጣሪያው ላይ ሳር አየሁ። የተከደነ ሳር አይደለም፣ የበቀለ ነው። ቁመቱ ጣት ያህላል።

ይህ የትግራይ ህድሞ ነው። የህድሞ ጣሪያ አፈር ነው። ከስር ወፋፍራም እንጨት ይጋደማል፣ በላዩ ቀጫጭን ይረበረባል፣ ከዚያ ቅጠልና ጭራሮ፣ መጨረሻ ላይ ወፍራም አፈር ተደርጎ ይጠቀጠቃል። ክረምቱን ዝናብ ሲጠጣ የከረመ አፈር ሳር ያበቅላል። በጋው ሲገፋ ሳሩ ደርቆ ይጠፋል። ስለዚህ ፎቶው የተነሳው ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም አካባቢ መሆን አለበት። ቦታውን እየፈለግሁ ወቅቱን አገኘሁት።

እማዬ «ታዲያ እንዴት አያፈስም?» ብላ ጠየቀችኝ። ያፈሳል። በሰሜኑ ደጋ ግን የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ባለቤቱ ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ስንጥቁን ይደፍናል፣ አዲስ አፈር ጨምሮ ይጠቀጥቃል። ጠፍጣፋ ይባል እንጂ በትንሹ ያዘነበለ ነው፣ ውሃው በአሸንዳ በኩል ይወርዳል። ለሁለት ወር ጭንቅ ሲል ሰው ይህን ጣጣ ይችለዋል። በቀሪዎቹ ወራት ያ ወፍራም አፈርና ድንጋይ የቀኑን ፀሐይ ይዞ ሌሊት ቤቱን ያሞቃል። ደግሞም በዚያ አገር ረጅም ቀጥ ያለ እንጨት በቀላሉ አይገኝም፣ ድንጋይ ግን ሞልቷል። እንጨቱ አጭር ስለሆነ ቤቱ ወይ ጠበብ ይላል፣ ወይ ውስጡ ምሰሶ ይበዛበታል። ፎቶው ላይ ያሉት ምሰሶዎችም የመጡት ከዚሁ ነው።

ሐረርስ? የጀጎል ቤትም ጣሪያው ጠፍጣፋ አፈር ነው፣ ግን ምክንያቱን ከዝናብ ብቻ ማውጣት አይቻልም። የሐረር ዝናብ ከበልግ እስከ ክረምት ይዘረጋል። በዙሪያው ያለው የገጠር ሰው ሾጣጣ የሳር ጣሪያ ሲሠራ ከተማው ጠፍጣፋውን ይዞ ቆየ። እኔ ይህን የማነበው እንደ ከተማ ባህል ነው። ሐረር ወደ ባሕር በሚወስደው የንግድ መንገድ ላይ ተጠጋግቶ፣ በግንብ ታጥሮ ያደገ ከተማ ነው። ቤቱ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ በሩን ወደ ግቢው ይከፍታል። ግድግዳው ብዙ ጊዜ ተለስኖ ኖራ ወይም ቀለም ይቀባል፣ የጣሪያው ጠርዝም እንደ ህድሞ የድንጋይ ባርኔጣ የለውም። አባቴ የቆመበት ቤት ግን በሩ ወደ ሜዳ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ እውነተኛው ሐረርም ነበር። ውስጥ የተነሳ ፎቶ ነው። አባቴ ከፍ ባለ መደብ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎለት ተቀምጧል፣ ከኋላው ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። በሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል እንዲህ ያለ አምስት መደብ አለው፣ እያንዳንዱም ማን እንደሚቀመጥበት የታወቀ ነው። እማዬ ይህን ስታይ «አላልኩሽም?» አለች። ልክ ናት፣ ሐረር ነበር። ፎቶው ነው የተምታታባት።

ያስቸገረን ሦስተኛው ነው። አራት ማዕዘን ቤት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ አንድ ትንሽ መስኮት። ቆርቆሮ ስለ አየር ጠባዩ ብዙ አይናገርም። ደጋም ቆላም ይሄዳል። የሚናገረው ስለ መንገድ ነው። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ቆርቆሮ ማምጣት ቀለለ፣ መኪና የገባበት ቦታም ሁሉ እየተከተለ ገባ። መንገድ ሠሪው አባቴ የደረሰበት ቦታ ቆርቆሮ መኖሩ አያስገርምም።

ስለዚህ ጣሪያውን ትቼ ከጣሪያው ስር ያለውን አየሁ። ክፈፉ ከግድግዳው ከክንድ በላይ ወጥቷል። የግድግዳው እግር ደግሞ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሯል። ይህ ከመሬት የሚፈናጠር የዝናብ ውሃ ያመጣው እድፍ ነው። ጭቃ ውሃ ሲነካው ስለሚፈርስ ብዙ በሚዘንብበት አገር ክፈፉን ማስረዘም ግድ ነው። ሰፊ ክፈፍና ከፍ ያለ እድፍ አንድ ላይ ሲታዩ ቦታው ደረቅ አይደለም ማለት እችላለሁ።

መስኮቷ ግን ከሁሉም በላይ ልቤን ነካችው። የሳር ጎጆ መስኮት አያስፈልገውም ነበር። የምድጃው ጭስ በሳሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ጥላሸቱም ሳሩን ከነቀዝ ይጠብቃል። ቆርቆሮ ሲመጣ ጭሱ መውጫ አጣ። ያኔ ነው ሰው ግድግዳውን መብሳት ያለበት። በፎቶው ላይ ከመስኮቷ ራስ በላይ ግድግዳው እስከ ክፈፉ ድረስ ጠቁሯል። እዚያ ቤት ውስጥ አሁንም በእንጨት ይበሰላል ማለት ነው። የመስኮቷ አራት ጎን እኩል አይደለም፣ ዙሪያዋ ያለው ምርጊትም ከቀሪው ግድግዳ ይነጣል። በኋላ የተበሳች ትመስለኛለች። ምናልባት አባቴ ሲደርስ ቆርቆሮው ከተመታ ብዙም አልቆየ።

«ጅማ ይሆን?» አለች እማዬ። ሊሆን ይችላል። ወለጋም፣ ጎጃምም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቤት ሁሉም ጋ አለ፣ ከዚህ በላይ ማጥበብ አልቻልኩም።

በእርሳስ ጀርባቸው ላይ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ላይ «ትግራይ፣ መስከረም ገደማ»፣ በሁለተኛው ላይ «ሐረር»። በሦስተኛው ላይ «ብዙ የሚዘንብበት አገር፣ ቆርቆሮው አዲስ» ብዬ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። እማዬ እርሳሱን ተቀብላኝ ከስሩ የአባቴን ስም ጻፈችበት።